ቴሌቪዥናችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ራሱ ይበራል፤ የሳውንድ ባሩን ድምፅ ሳላጣ እንዴት ላስቆመው?

ሄለን_ዘአያት · ሰኞ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሳሎናችን ቴሌቪዥን ሌሊት ራሱ ይበራል። በየቀኑ አይደለም፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ ከ9 እስከ 9 ተኩል ባለው ውስጥ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፤ መጀመሪያ የሰማችውም እርሷ ናት። ከሳሎን ድምፅ ሰምታ ሌባ ገባ ብላ ቀሰቀሰችኝ። ወጥተን ስናይ ሳሎኑ ጨለማ፣ ቴሌቪዥኑ ብቻ ቦግ ብሎ በርቷል። ሲደገም ጸበል ረጨችበት። በሦስተኛው ደግሞ ሶኬቱን ነቀለችው፤ አሁን በየማታው ጎንበስ ብላ ከጀርባው ትነቅላለች፤ ወገቧን ያማታል።

የተያያዙት ዕቃዎች እነዚህ ናቸው። በኤችዲኤምአይ 1 የዲሽ ሪሲቨር፣ በኤችዲኤምአይ 2 (ARC የሚል የተጻፈበት) ሳውንድ ባር፣ በኤችዲኤምአይ 3 ወንድሜ ከውጭ የላከልን አንድሮይድ ቦክስ። ኤችዲኤምአይ 4 ባዶ ነው። እናቴ የምታውቀው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብቻ ነው፤ በእርሱ ሁሉም አብሮ ይበራል፣ አብሮ ይጠፋል። ይህ እንዲቀርባት አልፈልግም።

ናትናኤል_21 · ሰኞ ምሽት 3፡05

ይህ ሲኢሲ የሚባለው ነገር ሥራ ነው። ዕቃዎቹ በኤችዲኤምአይ ገመድ እየተነጋገሩ አንዱ ሌላውን ያበራዋል። ስሙ ከቴሌቪዥን ቴሌቪዥን ይለያያል፤ ሳምሰንግ ላይ Anynet+፣ ኤልጂ ላይ SIMPLINK፣ ሶኒ ላይ BRAVIA Sync ይላል። ከቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ገብተሽ አጥፊው፤ በዚያው ያበቃል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሸገር_ሰው · ሰኞ ምሽት 3፡30

እኔ መብራቱን እጠረጥራለሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ያለ ማንም ይበራል። ሌሊት ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ቢመለስ ተኝታችሁ አታዩትም። በተጨማሪ በማስተካከያው ውስጥ የመብሪያ ሰዓት ተሞልቶ እንደሆነ ተመልከቱ። አንድ ልጅ ሪሞቱን ሲነካካ ሊሞላው ይችላል።

ሄለን_ዘአያት · ማክሰኞ ምሽት 1፡15

የመብሪያ ሰዓት አልተሞላም፤ አይቼዋለሁ። የግድግዳው የኤሌክትሪክ ሰዓትም መብራት ሲሄድ ስለሚዛባ መቋረጡን ያሳብቃል፤ በእነዚያ ሌሊቶች አልተዛባም።

ናትናኤል፣ ያልከውን አደረግሁ። ቴሌቪዥኑ በርቶ አላደረም፤ ግን ሳውንድ ባሩ ጨርሶ ድምፅ አልባ ሆነ። ጠዋት እናቴ ቅዳሴ ልትከታተል ከፈተችው፤ ምስሉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። የራሱን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ማጉያ ብመርጥላት ጆሮዋ አልያዝላት አለ። መልሼ አበራሁት።

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ማክሰኞ ምሽት 2፡50

እንደምን አመሻችሁ። ናትናኤል በሽታውን አውቆታል፤ መድኃኒቱ ግን ከመጠን በላይ ሆነ። ኤአርሲ ማለት ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድ ባሩ በዚያው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ ነው። መንገዱ የሚከፈተው ሁለቱ በሲኢሲ ተነጋግረው ሲስማሙ ነው። ንግግሩን ከቴሌቪዥኑ ከዘጋሽው ስምምነቱም አይኖርም፤ ስለዚህ ድምፁ መጥፋቱ ብልሽት አይደለም። ቴሌቪዥኑና ሳውንድ ባሩ የኦፕቲካል መሰኪያ ካላቸው በዚያ ገመድ ድምፁ ያለ ሲኢሲ ይሄዳል፤ እናትሽ ግን በአንድ ሪሞት ማብራትና ድምፅ መጨመሯን ታጣለች።

አሁን አንድ ነገር ልብ በይ። በኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ ካሉት 19 ፒኖች 13ኛዋ ለዚህ ንግግር የተለየች ናት። ምስል የሚሄደው በሌሎቹ ነው፤ እያንዳንዱ መሰኪያም የራሱ የምስል መስመር አለው። 13ኛዋ ግን የሁሉም መሰኪያዎች በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ላይ የታሰረች አንዲት ሽቦ ናት። ድሮ በየቤቱ በአንድ የስልክ መስመር ላይ ሁለት ሦስት ቀፎ ይሰካ እንደነበረው ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሁሉም ይሰማል። ከዕቃዎቹ ማንኛውም ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን «ንቃ» ሊለው፣ ቀጥሎም ለሁሉም «አሁን የምታዩት እኔን ነው» ብሎ ሊያውጅ ይችላል። ቴሌቪዥኑ ሰው አዝዞ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ይታዘዛል።

ስለዚህ የምጠይቅሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሌሊት በርቶ ስታገኙት በመስታወቱ ላይ የሚታየው የማን ምስል ነው? የዲሹ ነው ወይስ የቦክሱ? የቀሰቀሰው ዕቃ ብዙውን ጊዜ የራሱን ምስል ይዞ ነው የሚመጣው።

ፍሬው_ሜሪላንድ · ማክሰኞ ሌሊት 6፡20

የእኔ ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ልጄ ጌም ሲጫወት ቆይቶ ትልቅ ጨዋታ ሌሊቱን እንዲወርድ ትቶ ይተኛል። እኔ ቴሌቪዥኑን ሳጠፋ ጌሙም ይጠፋል፤ ጠዋት ሲያየው ግማሽ ላይ ቆሟል። ሁለት ወር ሙሉ በኢንተርኔት አቅራቢው አሳብበን ነበር። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ «ሁላችሁም ተኙ» የሚል መልእክት ለሁሉም እንደሚልክ ደረስንበት። ጌሙ ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ መጥፋትን ብቻ ዘጋሁ፤ አብሮ መብራትን ተውኩት።

ግን ሌላ ያልገባኝ ነገር አለ። ጌሙን፣ የዲስክ ማጫወቻውንና ሁለት ቦክሶችን ሰክቻለሁ። ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ ለቴሌቪዥኑ ሪሞት አይታዘዝም። ደግሞ በየጊዜው የማይታዘዘው ይለዋወጣል።

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ረቡዕ ጠዋት 1፡40

ፍሬው፣ የአንተ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ሲነሣ ለንግግሩ የሚጠራበት ቁጥር ይይዛል። ቴሌቪዥን 0 ነው፤ ሳውንድ ባር 5 ነው። ለማጫወቻዎች የተተዉት 4፣ 8 እና 11 ናቸው፤ ሦስት ብቻ። አራቱም ዕቃዎችህ ማጫወቻ ነን ስለሚሉ ቀድመው የተነሡት ሦስቱ ቁጥሩን ይይዛሉ፤ አራተኛው ሜዳ ላይ ይቀራል። የትኛው ቀድሞ እንደሚነሣ ስለሚለያይ ነው የሚለዋወጥብህ። ከአራቱ የአንዱን ሲኢሲ ከራሱ ማስተካከያ ዝጋና ተመልከት።

ሙሉጌታ_ደሴ · ረቡዕ ጠዋት 3፡10

የእኔም እንደዚሁ ነው። ስከፍተው ይበራል፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፣ ቀዩ መብራት ስድስት ጊዜ ብልጭ ይላል። ዲሽ ብነቅልም ለውጥ የለም። ሲኢሲውን የት ላጥፋው?

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ረቡዕ ጠዋት 3፡35

ሙሉጌታ፣ ያንተ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ሁሉንም ገመድ ነቅለህ ብቻውን ሲሆንም የሚጠፋ ከሆነ ሕመሙ የራሱ ነው። ብልጭታው ቴሌቪዥኑ ስሕተቱን የሚቆጥርበት ነው፤ ስድስት ማለት ምን እንደሆነ በየሞዴሉ ይለያያል። የኃይል ሰሌዳው ወይም የኋላ መብራቱ ሊሆን ይችላል። ሞዴሉን ጽፈህ ለብቻው ጠይቅ፤ እመልስልሃለሁ። አትክፈተው ግን፤ ሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚቀር ኃይል አለ።

ሄለን_ዘአያት · ረቡዕ ምሽት 1፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴን ጠየቅኋት፤ ሁልጊዜ የሚታየው የቦክሱ የመጀመሪያ ገጽ ነው። ድምፁም እዚያ ገጽ ላይ ራሱ የሚጫወተው የፊልም ማስታወቂያ ነው። እኛ ግን ማታ የምናጠፋው ዲሽ እያየን ነው። ይህን እስካሁን አላሰብኩትም ነበር።

ቤዛ_ፓይ · ረቡዕ ምሽት 2፡15

ቦክሱ እንደሆነ እኔም እገምታለሁ፤ ግን መስመሩን አዳምጦ ማረጋገጥ ይቻላል። ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ያለው ሰው በአጠገብሽ ካለ ባዶው ኤችዲኤምአይ 4 ላይ ይሰካው፤ `cec-utils` የሚባለውን ይጫንበትና ከመተኛታችሁ በፊት ይህን ያስነሣ፤

```
cec-client -m -d 8
```

`-m` ማለት ዝም ብሎ ይሰማል፤ ራሱ አይናገርም። 8 ደግሞ በመስመሩ የሚያልፈውን ብቻ ያሳያል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አሮጌ ሲስተም የጫነ ፓይ ራሱ ሲነሣ ቴሌቪዥኑን ሊቀሰቅስ ይችላል። እንዳይሆን በ`config.txt` ውስጥ ይህ መስመር ይግባ፤

```
hdmi_ignore_cec_init=1
```

ሄለን_ዘአያት · ዓርብ ጠዋት 2፡20

የአክስቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፓይ አለው። ሐሙስ ማታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ አስነሥቶት ሄደ። ቴሌቪዥኑን አጠፋን፤ እናቴንም ሶኬቱን እንዳትነቅል ለመንኳት። በራ! ጠዋት ያገኘነው ይህ ነው፤

```
TRAFFIC: [ 13327418]  >> 4f:82:30:00
TRAFFIC: [ 13333902]  >> 5f:72:01
```

ልጁ ቁጥሩ ከተነሣበት ጀምሮ ያለፈው ጊዜ ነው አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልገባውም።

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ዓርብ ጠዋት 4፡00

ደግ አደረጋችሁ። የመጀመሪያውን መስመር እንደ ደብዳቤ አንብቢው። 4 ላኪው ነው፤ ከማጫወቻዎቹ አንዱ። ሪሲቨርሽ ቢሆን ኖሮ የዲሽ ቁጥር 3 ነው የሚመጣው። `f` ተቀባዩ ነው፤ ሁሉም ማለት ነው። 82 ጉዳዩ ነው፤ «የምታዩት እኔን ነው»። `30:00` አድራሻው ነው፤ በቴሌቪዥኑ ሦስተኛ መሰኪያ ላይ ያለሁ ማለት ነው። ኤችዲኤምአይ 3 ላይ የሰካሽው ቦክሱን ነው፤ አለቀ። ከዚህ በፊት «ንቃ» የሚለው ለቴሌቪዥኑ ብቻ የተላከ መልእክት መኖር አለበት፤ ለእርሱ ብቻ ስለተላከ ፓይው ሳያሳየው መቅረቱ አያስገርምም።

ሰዓቱንም አስይው። ቁጥሩ ሺኛ ሰከንድ ነው። 13327 ሰከንድ ማለት 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው። ከምሽቱ 5 ተኩል ላይ ስትደምሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ12 ይመጣል።

ናትናኤል_21 · ዓርብ ጠዋት 5፡10

ሁለተኛው መስመርስ? 5 ሳውንድ ባሩ ነው ብለዋል። ታዲያ እርሱም አብሮ እየቀሰቀሰ አይደለም? እኔ ጥፋቱ የኤአርሲ ይመስለኛል፤ ሳውንድ ባር ከሰካሁ ጀምሮ የእኔም ቴሌቪዥን ጠባዩ ተቀይሯል።

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ዓርብ ቀን 6፡30

ቅደም ተከተሉን ተመልከት። የሳውንድ ባሩ መልእክት የመጣው ከቦክሱ 6 ሰከንድ ተኩል ያህል ቆይቶ ነው። `72:01` ማለትም «ድምፁን እኔ ይዣለሁ» ነው። ቴሌቪዥኑ በቦክሱ ተቀስቅሶ ተነሣ፤ ከዚያ ሳውንድ ባሩን ቀሰቀሰ፤ እርሱም ተነሥቶ ሥራውን ጀመረ። ሁልጊዜ ጠዋት ለሄለን እናት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በሌሊቱ ያስደነገጣቸውና ቀን የሚያገለግላቸው አንድ ነገር ነው፤ የተለየው ያነሣሣው ብቻ ነው። ለአንተ ቤት ግን የአንተን መስመር ሳላይ አልፈርድም።

ቦክሱ በዚያ ሰዓት ለምን እንደሚነቃ ይህ መስመር አይነግረንም። ብዙዎቹ ቦክሶች ሌሊት መተግበሪያ ያድሳሉ፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በኋላ ራሳቸውን ያስነሣሉ። ቦክስ ደግሞ ሲነሣ ሰው የከፈተው ይመስለውና ያውጃል።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አትንኪ። ወደ ቦክሱ ማስተካከያ ግቢና የሲኢሲውን ክፍል ፈልጊ። «One touch play» ወይም ቴሌቪዥኑን ማብራትን የሚመለከት ለብቻው የሚዘጋ ምርጫ ካለ እርሱን ብቻ ዝጊ። አብሮ መጥፋቱን ተይው፤ እርሱ አይጎዳም።

ሄለን_ዘአያት · ከ11 ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ምሽት 2፡00

በቦክሱ ላይ ሦስት ምርጫ ነበር፤ ዋናው ማብሪያ፣ «One touch play» እና ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ መጥፋት። መካከለኛውን ብቻ ዘጋሁ። አሥራ አንድ ሌሊት አለፈ፤ አንድም ቀን አልበራም። ሳውንድ ባሩ እንደ በፊቱ ነው። የቀረብን ነገር ቢኖር ቦክሱን ስንከፍት ቴሌቪዥኑ ራሱ ወደ ኤችዲኤምአይ 3 አለመዞሩ ነው፤ ያንን እኔ በሪሞት አዞራለሁ፣ እናቴ ቦክሱን አትነካውም። ሶኬት መንቀሏንም ትታለች። ጋሼን መርቂልኝ ብላ ስማቸውን ጠይቃኛለች።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ትናንት መብራት ሄዶ ምሽት ላይ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ በራ፤ በዚህኛው የታየው ዲሹ ነው። ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ዑመር_ዱባይ · ማክሰኞ ምሽት 3፡45

እዚህ ሆቴልና ቪላ ውስጥ ቴሌቪዥን እንገጥማለን። ማስተካከያ ውስጥ ምርጫ የሌለው ሪሲቨር ሲያጋጥመን 13ኛዋ ፒን የሌለችበትን ትንሽ ማገናኛ በገመዱ ጫፍ እናስገባለን። ምስሉም ድምፁም ያልፋል፤ ያ ዕቃ ብቻ ከንግግሩ ይወጣል። ዋጋው ከገመድ አይበልጥም። ካጣችሁት ፒኗ ላይ ቀጭን ቴፕ መለጠፍም ይቻላል፤ እኔ አድርጌው ሠርቷል።

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ማክሰኞ ምሽት 4፡20

በማገናኛው እስማማለሁ፤ ሳውንድ ባሩ ገመድ ላይ እንዳይገባ ብቻ። እዚያ ከገባ ድምፁ ይጠፋል። በቴፑ ግን አልስማማም። የፒኖቹ ርቀት ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ቴፑ ትንሽ ቢንሸራተት አጠገቧ ያለችውን ይሸፍናል። ሲነቀል ደግሞ ሙጫው መሰኪያው ውስጥ ይቀራል። መርካቶ እንዲህ ሆኖ የመጣልኝን ቴሌቪዥን በመርፌ ስጠርግ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

ሄለን፣ ሪሲቨርሽ ኃይል ሲያገኝ ራሱ የሚነሣ ከሆነ እንደ ቦክሱ ሊያውጅ ይችላል። ምናሌው ውስጥ ኃይል ሲመለስ ተኝቶ ይቆይ የሚል ካለ እርሱን ምረጪ።

ዑመር_ዱባይ · ማክሰኞ ምሽት 4፡40

ቴፑን የለጠፍኩት በገመዱ ጫፍ ላይ እንጂ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አይደለም። ግን ሙጫውን በተመለከተ እውነትዎን ነው፤ በሙቀት ይለቃል።

ቤዛ_ፓይ · ረቡዕ ጠዋት 2፡30

እኔ ሪሲቨሩን ከመወንጀላችን በፊት ቴሌቪዥኑን ራሱን እጠይቃለሁ። ኃይል ሲመለስ እንዲበራ የተሠራ ቴሌቪዥን አለ፤ ሲበራም ያቆመበትን መሰኪያ ነው የሚያሳየው። እናንተ መብራት ሲሄድ ዲሽ እያያችሁ ነበር?

ሄለን_ዘአያት · ረቡዕ ጠዋት 3፡15

አዎ፣ ዲሽ እያየን ነው የሄደው።

የሸገር_ሰው · ረቡዕ ጠዋት 3፡40

ታዲያ የመጀመሪያ ቀን ያልኩት ይህንን ነበር። እኛ ቤት ሪሲቨር እንኳ የለንም፤ ቴሌቪዥኑ መብራት ሲመጣ ይበራል።

ጋሽ_መኮንን_ጥገና · ረቡዕ ቀን 7፡00

ሁለቱም ይሆናል፤ ምስሉ አሁን አይለያቸውም። የሚለያቸው እንዲህ ነው። መብራት ሲሄድ የሪሲቨሩን ሶኬት ንቀሉና ጠብቁ። ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ካልበራ ሪሲቨሩ ነው። ምልክት የለም የሚል ባዶ መስኮት ይዞ ቢበራ ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። አሁን ኃይሉን ከግድግዳ ነቅላችሁ አትሞክሩት፤ እያበሩ እያጠፉ መፈተን ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል።

ሄለን_ዘአያት · ረቡዕ ምሽት 1፡30

እሺ ጋሼ። የሪሲቨሩ ሶኬት የትኛው እንደሆነ እንዳይምታታን ዲቫይደሩ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ፤ ለእናቴም አሳይቻታለሁ። የአክስቴ ልጅም ፓይው መብራት ሲሄድ አብሮ እንዳይጠፋ በፓወር ባንክ ሊያስነሣው ነው። መብራት ሲሄድ የሆነውን እጽፋለሁ።